ያለ ብረት የቆመ ጉልላት፦ የጀሶ ሞዴል የሥራ ማስታወሻ

ዕቅድ

ሥራው ይሄ ነው። የኢስታንቡሉን ሐጊያ ሶፊያ ጉልላት በ1፡50 ልክ ከጀሶ በተቆረጡ ብሎኮች መግጠም፣ ከዚያ ወደ ውጭ የሚገፋበትን ኃይል በሚዛን መለካት። ሙጫ የለም፣ ሲሚንቶ የለም፣ ብሎክ ከብሎክ የሚያስር ሽቦም የለም። ብሎኮቹ የሚያያዙት በክብደታቸውና በሰበቃ ብቻ ነው።

ሐጊያ ሶፊያን የመረጥኩት ጉልላቱ ወድቆ ስለሚያውቅ ነው። አርክቴክቶቹ አንቴሚዮስና ኢሲዶሮስ እ.ኤ.አ. በ532 ጀምረው በ537 ጨረሱት። በ558 ጉልላቱ ወደቀ። የኢሲዶሮስ ዘመድ የሆነው ታናሹ ኢሲዶሮስ ከበፊቱ ከ6 ሜትር በላይ ከፍ አድርጎ እንደገና ሠራው፤ በ562 ተጠናቀቀ። ያ ከፍታ ለምን አስፈለገ የሚለውን በወረቀት ሳይሆን በእጄ ማየት ፈልጌያለሁ።

ትንሽ ሞዴል ስለ ትልቅ ሕንጻ ምን ሊናገር ይችላል? በኮንክሪት ምሰሶ ቢሆን ብዙም አይናገርም። በድንጋይና በጡብ ጉልላት ግን ይናገራል። ሒሳቡ ቀላል ነው። የሉል ቅርጽ ያለው ጉልላት በራሱ ክብደት ታችኛው ጠርዙ ላይ የሚፈጥረው ጭነት፣ በግምት የግንቡ ክብደት በሜትር ኩብ ሲባዛ በጉልላቱ ራዲየስ ነው። 1,800 ኪሎ በ15.5 ሜትር ሲባዛ በካሬ ሴንቲሜትር 3 ኪሎ እንኳን አይሞላም። ጡብ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይችላል። ስለዚህ ጡቡ ደቅቆ አይወድቅም። የሚወድቀው ቅርጹ ሲበላሽ ነው። ቅርጽ ደግሞ በ1፡50ም ያው ቅርጽ ነው።

ሞዴሉ የማይነግረኝ ነገርም አለ። የሐጊያ ሶፊያ ኖራ በጣም ወፍራም ነው፤ በጡቦቹ መሃል ያለው ድርብርብ የጡቡን ያህል ይወፍራል። ኖራ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው፣ ሕንጻው ግን ከስድስት ዓመት ባነሰ ጊዜ ነው የተጠናቀቀው። ምሶሶዎቹ ገና በግንባታው ላይ እያሉ መዝመም ጀምረዋል። ደረቅ ጀሶ ይሄን አያሳይም።

ልኬት

ትክክለኛው ጉልላት ስፋቱ 31 ሜትር አካባቢ ነው፤ በሞዴሉ 62 ሴንቲ ይሆናል። ውፍረቱን 2 ሴንቲ አድርጌዋለሁ። በእውነተኛው ልክ 1 ሜትር ማለት ስለሆነ ከዋናው ይወፍራል፤ ከዚያ ያነሰ ጀሶ ግን በእጅ ሲያዝ ጠርዙ ይሸረፋል።

ሁለት ጉልላት እሠራለሁ። አንዱ ከፍ ያለ፣ ከግማሽ ሉል ትንሽ ያነሰ፣ ቁመቱ 26 ሴንቲ። ሌላው ዝርግ፣ ስፋቱ ያው፣ ቁመቱ ግን 15 ሴንቲ። የወደቀውና የቆመው ትክክለኛ ቅጂ አይደሉም፤ የሚያወዳድሩልኝ በዝርግና በከፍታ መካከል ያለውን ልዩነት ነው።

እያንዳንዱ እንደ ብርቱካን በ16 ክፍል ይከፈላል። ከፍ ያለው ወደ ላይ ሰባት ረድፍ አለው፣ ጫፉ ላይ አንድ ክብ መክደኛ። ማለትም 112 ብሎክና አንድ ክዳን። እያንዳንዱ ረድፍ የራሱ ቅርጽ ስላለው ለየረድፉ የተለየ ፎርማ ያስፈልጋል። የታችኛው ረድፍ ብሎክ 12 ሴንቲ ይሰፋል፣ የላይኛው 3 ሴንቲ ብቻ።

ፎርማና ጀሶ

ፎርማውን ከኮምፔንሳቶ ቆረጥኩ። ከሁሉም ወጪ የከበደው ይሄ ነው፤ ኮምፔንሳቶው ብቻ ከሦስት ሺህ ብር በላይ በላ። ጀሶው ከዚያ በታች ነው።

ሠፈር ያለው ፎርማ ሠሪ የተቃጠለ ዘይት ቀባበት አለኝ። ለኮንክሪት ይሠራል። ጀሶ ግን ዘይቱን ይመጥጣል፣ ብሎኩም ላዩ ለስልሶ ያሙለጨልጫል። ሰበቃው ከጠፋ ሙከራው በሙሉ ይዛባል። ወደ ቫዝሊን ዞርኩ፣ እሱንም በጨርቅ ጠርጌ በስሱ ብቻ። የሚገጣጠሙትን ፊቶች ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁ።

ውኃውም ያስቸግራል። ጀሶ በቀጠነ ቁጥር ሲደርቅ ይቀላል፤ የብሎኮቹ ክብደት ደግሞ ለኔ ዋናው መለኪያ ነው። ስለዚህ ዱቄቱንም ውኃውንም በሚዛን እየመዘንኩ ነው የማቦካው። ከደረቁ በኋላ ከፍ ያለው ጉልላት ጠቅላላ 11.3 ኪሎ፣ ዝርጉ 8.2 ኪሎ ሆነ። ዝርጉ ቀላል መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

መግጠም

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ረድፎች ያለ ምንም ድጋፍ ቆሙ። ብሎኩ የሚቀመጥበት ፊት ወደ ውስጥ ያዘነበለ ቢሆንም ሰበቃው ይይዘዋል። ሦስተኛው ረድፍ የሚቀመጥበት ፊት 30 ዲግሪ ያዘነብላል፣ እዚያ ላይ አፋፍ ላይ ነው፤ ጠረጴዛውን ቢነኩት ይንሸራተታል። አራተኛው 40 ዲግሪ ነው፤ ያስቀመጥከው ብሎክ ወዲያው ተንሸራቶ ወደ ውስጥ ይወድቃል።

ግን ረድፉ ዙሪያውን ሲዘጋ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። አሥራ ስድስቱ ብሎኮች እርስ በርስ ይጋፋሉ፣ አንዱም ወደ ውስጥ መግቢያ ቦታ የለውም። ስለዚህ ድጋፍ የሚያስፈልገው ረድፉ እስኪዘጋ ብቻ ነው። እኔ ለእያንዳንዱ ብሎክ የውስጥ ጠርዙ ላይ ትንሽ ሜንጦ አስገብቼ፣ ሲባጎውን በላዩ አሳልፌ፣ ከውጭ የአሸዋ ከረጢት አንጠለጠልኩበት። ክብደቱ ብሎኩን ወደ ውጭ ይስበዋል። የመጨረሻው ብሎክ ሲገባ ሁሉንም ከረጢቶች ማውለቅ ይቻላል።

የፍሎረንስን ካቴድራል ጉልላት ብሩኔሌስኪ ከ1420 እስከ 1436 ሲያስገነባ ከሥሩ የእንጨት ደጋፊ ያላቆመው በዚህ መርህ ነው። ከ40 ሜትር በላይ ለሚሰፋ ክፍት ቦታ የሚሆን እንጨት ማግኘትም ማቆምም ከባድ ነበር። በየመሃሉ ቀጥ ብለው የቆሙ ጡቦች አስገብቶ፣ ረድፉ እስኪዘጋ ድረስ የተጋደሙት እንዳይንሸራተቱ ያዘ። እኔ በሲባጎ የሠራሁትን እሱ በጡብ አደራደር ሠራው።

ክዳኑን ሳላስገባም ሞከርኩት። ጫፉ ክፍት ሆኖ ጉልላቱ ደህና ቆሟል። የሮማው ፓንቴዮን ጫፍ ላይ ያለው ክብ ክፍተት ለዚህ ነው የማያስፈራው። የቅስት መሃሉን ድንጋይ ብታወጣው ይወድቃል። ጉልላት ግን የላይኛው ቀለበቱ ራሱ መዝጊያ ድንጋይ ሆኖ ያገለግላል።

ግፊቱ የት ሄደ?

ከፍ ያለውን ጉልላት ኮምፔንሳቶ ላይ አቆምኩት። ዙሪያውን የሚይዝ ነገር የለም። ይከፈታል ብዬ ፍራሽ ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ምንም አልሆነም። ቆሞ ያየኛል።

ሒሳቡን ስሠራው ምክንያቱ ግልጽ ነው። ይሄ ጉልላት ተሰነጣጥቆ በየክፍሉ ሲሠራ ወደ ውጭ የሚገፋው ቢያንስ የክብደቱን ሩብ ያህል ነው። በጀሶና በኮምፔንሳቶ መካከል ያለው ሰበቃ ግን የክብደቱን ግማሽ ያህል መያዝ ይችላል። ግፊቱ አልጠፋም፣ ጠረጴዛው በላው።

ይሄ ለትክክለኛውም ሕንጻ ይሠራል። የጉልላት እግር በግድግዳው ላይ ተንሸራቶ አይሄድም፤ ሰበቃው በቂ ነው። ጉልላቱ ግድግዳውን ይዞት ነው የሚሄደው። ችግሩ መንሸራተት ሳይሆን ከሥሩ ያለው ረጅም ምሶሶ መዝመም ነው። ስለዚህ ሁለት የተለያየ ሙከራ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ሰበቃውን አጥፍቶ ግፊቱን ብቻውን መለካት፣ ቀጥሎ ጉልላቱን ምሶሶ ላይ ማውጣት።

ሰበቃውን ማጥፋት

መስታወት አነጠፍኩና በላዩ ብይ በተንኩ፣ በየብሎኩ ሥር ደግሞ ትንሽ የኮምፔንሳቶ ሳንቃ። ከሱቅ የሚገዛ ብይ እኩል አይደለም፤ በዓይን ባይታይም አንዱ ከሌላው ይበልጣል። ጉልላቱ ገና ስገጥመው ይወላገዳል። ከጋራዥ የተበላሸ ኩሽኔታ ለምኜ ውስጡ ያሉትን ኳሶች አወጣሁ። እነሱ ልክ በልክ ናቸው። (ያለ ብረት ስለሚቆም ጉልላት የማውቀውን በብረት ኳስ መለካቴ ትንሽ ያስቃል።)

አሁን ዙሪያውን የሚይዝ ነገር ግድ ነው። በታችኛው ረድፍ ላይ ናይለን ሲባጎ አዞርኩ። አንዱን ጫፍ ከጠረጴዛው ጋር ቋጠርኩት፣ ሌላውን በፑሊ አሳልፌ የአሸዋ ባልዲ አንጠለጠልኩበት። ሐሳቡ፣ አሸዋውን ቀስ በቀስ መቀነስና ጉልላቱ መከፈት የሚጀምርበትን ክብደት መያዝ።

ባልዲው ባዶ እስኪሆን ምንም አልተነቃነቀም። ያላሰብኩበት ሰበቃ ሲባጎው ራሱ ላይ አለ። ሲባጎ አንድ ሙሉ ዙር ሲጠመጠም ጫፉ ላይ ትንሽ ብትይዘው እንኳን በሌላው ጫፍ ብዙ እጥፍ ይይዛል። በሬ በግንድ ላይ በተጠመጠመ ገመድ የሚታሰረው በዚህ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ የታች ብሎክ ላይ አንድ ትንሽ ኩሽኔታ ተከልኩና ሲባጎው በእነሱ ላይ እንዲሽከረከር አደረግኩ። አሥራ ስድስት ትናንሽ ኩሽኔታ ሌላ ወጪ ነው፣ ግን ከዚህ በኋላ ቁጥሩ መታመን ጀመረ።

ስንጥቁ

ባልዲውን አቅልዬ ጉልላቱ ልክ ሲላላ የሚሆነውን በቅርብ አየሁት። ሲባጎው ሁለት ሚሊ ያህል ሲሰጥ በታችኛው ረድፍ በብሎኮቹ መካከል ቀጥ ያለ ክፍተት ይታያል፤ ወረቀት ይገባል። በሁለተኛው ረድፍ ይጠብባል። ወደ ላይ ስትወጣ ይጠፋል። ከዚያ በላይ ብሎኮቹ እንዲያውም ተጣብቀዋል፣ ወረቀቱ በጉልበትም አይገባም።

ይሄ በንድፈ ሐሳብም አለ። ወጥ ውፍረት ያለው የሉል ጉልላት ሳይሰነጠቅ ከጫፉ 52 ዲግሪ እስኪደርስ ድረስ ዙሪያውን ይጨመቃል፣ ከዚያ በታች ይለጠጣል። ግንብ መጨመቅ እንጂ መለጠጥ አይችልም። ስለዚህ ከታች ወደ ላይ ይሰነጠቃል። በፓንቴዮን ውስጥም፣ በሮማው ቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካም የታዩት ስንጥቆች በዚሁ አቅጣጫ ናቸው፤ ከእግር ተነስተው ወደ ጫፍ።

ስንጥቁ ብቻውን መውደቅ ማለት አይደለም። ሞዴሌ ተሰንጥቆ ቆሟል። የሆነው ነገር ጉልላቱ ከአንድ ሙሉ ቅርፊት ወደ 16 ፊት ለፊት የተደጋገፉ ግማሽ ቅስቶች መቀየሩ ነው። እግራቸው እስከተያዘ ድረስ ይቆማሉ። አደገኛው ስንጥቅ በየጊዜው የሚሰፋው ነው። ይሄን ለማወቅ በስንጥቁ ላይ ትንሽ ጀሶ ትለጥፋለህ። ጀሶው ከተሰነጠቀ እግሩ ገና እየሄደ ነው ማለት ነው።

የሐጊያ ሶፊያ 40 መስኮቶች የገቡኝ እዚህ ላይ ነው። ልክ ከጉልላቱ ሥር፣ በ40 ጎድኖች መካከል ተደርድረዋል። ሰው ብርሃን ያያል፤ ጉልላቱ በብርሃን ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። ከግንባታ አንጻር ግን ቦታው ዝም ብሎ የሚሰነጠቅ ቦታ ነው። ሊሰነጠቅ ያለውን ግንብ አስቀድመህ ካወጣኸው ስንጥቅ የሚባል ነገር አይኖርም። ክብደቱ በጎድኖቹ ይወርዳል። በጎድኖቹ ግርጌ በውጭ በኩል ያሉት አጫጭር ግንቦችም እግራቸውን ይጫኗቸዋል።

ልኬቱ

ከፍ ያለው ጉልላት ባልዲው ከ430 እስከ 480 ግራም ሲደርስ ይከፈታል። በሒሳብ ያገኘሁት 460 ግራም ነበር። የሲባጎውን ውጥረት በ6.28 ብታበዛው በዙሪያው ያለውን ጠቅላላ ግፊት ታገኛለህ፦ 2.9 ኪሎ ያህል።

ዝርጉ ከ640 እስከ 700 ግራም መካከል ተከፈተ። ጠቅላላ ግፊቱ 4.2 ኪሎ አካባቢ ነው።

አሁን ክብደቱን አስታውሱ። ዝርጉ ከሌላው በ3 ኪሎ ይቀላል፣ ግን በአንድ ተኩል እጥፍ ይገፋል። ከራሱ ክብደት ጋር ስታነጻጽረው ልዩነቱ እጥፍ ነው፤ ከፍ ያለው የክብደቱን ሩብ ሲገፋ፣ ዝርጉ ግማሹን ይገፋል። ታናሹ ኢሲዶሮስ ጉልላቱን ሲያስረዝም ተጨማሪ ጡብና ተጨማሪ ክብደት መጫኑ ነው። የዘመመ ምሶሶ ላይ ክብደት መጨመር እብደት ይመስላል። ግን የገዛው ነገር አለ፦ ክብደቱ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች ይሄዳል።

ምሶሶ ላይ

ይሄኛው ክፍል ብዙ ጀሶ በልቷል። አራት ምሶሶ፣ ቁመታቸው 50 ሴንቲ። ቅስቶቹንና በማዕዘን ያሉትን ሦስት ማዕዘን ግንቦች አልሠራሁም። ጉልላቱን በአራት እኩል በተከፈለ የኮምፔንሳቶ ቀለበት ላይ አስቀመጥኩ፤ እያንዳንዱ ሩብ በራሱ ምሶሶ ላይ ይቀመጣል፣ እርስ በርስ አይነካኩም።

መጀመሪያ 7 በ7 ሴንቲ ምሶሶ። ሒሳቡን ከመውደቁ በፊት ሠርቼዋለሁ። ከ2.9 ኪሎው ግፊት እያንዳንዱ ምሶሶ 0.65 ኪሎ በሰያፍ ይደርሰዋል፤ በአንድ አቅጣጫ ሲታይ 0.46 ኪሎ ነው። በ50 ሴንቲ ቁመት ሲባዛ 23 ይሆናል፤ መገልበጫው ይሄ ነው። የሚይዘው ደግሞ ክብደት ነው፦ ምሶሶው ራሱ 2.7 ኪሎ፣ ከጉልላቱ የሚደርሰው 2.8፣ ድምሩ 5.5 ኪሎ። ከመሃል እስከ ጠርዝ 3.5 ሴንቲ ስለሆነ ሲባዛ 19 ይሆናል። 19 ከ23 ያንሳል።

የመጨረሻውን ድጋፍ ሳወጣ ጎኑ ላይ ሆኜ አየሁት። ምሶሶው አልተሰበረም። የውስጥ ጠርዙ ከወለሉ ተነሳ፣ በውጭ ጠርዙ ላይ ቆሞ ቀስ ብሎ ዞረ፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ፍራሹ ላይ ነበር። የተሸረፉት ብሎኮች በድጋሚ ተፈሰሱ።

ቀጥሎ 10 በ10 ሴንቲ። አሁን ምሶሶው 5.5 ኪሎ ሆነ፣ ከጉልላቱ ጋር 8.3። በ5 ሴንቲ ሲባዛ 41 ይሆናል። 23ን በደንብ ይችላል። ሦስት ሴንቲ መጨመር ክብደቱንም ክንዱንም አንድ ላይ ስለሚያሳድግ ነው አቅሙ እንዲህ የሚዘለው። ዝርጉን በዚሁ ምሶሶ ላይ ስሞክረው መገልበጫው 34 ይደርሳል፣ መያዣው ደግሞ 38። ቆመ፤ ግን በጣት ስትነካው የምሶሶው እግር ይነሳል። የመሬት መንቀጥቀጥ ቢመጣስ? ሐጊያ ሶፊያ በ553 እና በ557 በመንቀጥቀጥ ተመትታ በ558 ነው ጉልላቱ የወደቀው።

ሁለተኛ መፍትሔ አለ፣ ምሶሶ ሳያሰፉ። ወደ 7 ሴንቲው ተመልሼ በእያንዳንዱ ምሶሶ አናት ላይ 2 ኪሎ አሸዋ ጫንኩ። 5.5 ወደ 7.5 አደገ፣ በ3.5 ሲባዛ 26 ሆነ። 23ን አለፈ። ጉልላቱ ቆመ! ከላይ ክብደት መጨመር ሕንጻን ይጥላል ብሎ ለሚያስብ ሰው ይሄን ማሳየት ደስ ይላል። ክብደቱ ግፊቱን አይቀንሰውም፤ ወደ ታች ያጥፈዋል፣ መስመሩም ምሶሶው ውስጥ ሆኖ መሬት ይደርሳል። የኦቶማኑ አርክቴክት ሲናን በሱለይማኒየና በሴሊሚየ መስጊዶች ምሶሶዎች አናት ላይ ያቆማቸው ከባድ ትናንሽ ማማዎች ሥራቸው ይሄ ነው። ለጌጥ ብቻ ይመስላሉ።

ምሥራቅና ምዕራብ ለምን?

አንድ ነገር አስጨንቆኝ ነበር። ሐጊያ ሶፊያ በምሥራቅና በምዕራብ ትላልቅ ግማሽ ጉልላቶች ተደግፋለች። በሰሜንና በደቡብ ግን ግማሽ ጉልላት የለም፤ ያሉት ቅስቶችና ከምሶሶው ጀርባ የቆሙ ደጋፊ ግንቦች ናቸው። ደካማው ጎን ሰሜንና ደቡብ ነው፤ ምሶሶዎቹም ወደዚያ ነው የዘመሙት። ግን የወደቀውን ተመልከቱ፦ በ558 በምሥራቅ በኩል፣ በ989 በምዕራብ በኩል፣ በ1346 እንደገና በምሥራቅ። የወደቀው የተደገፈው ጎን ነው!

ለዚህ ብቻ አንድ ቅስት ሠራሁ፣ 40 ሴንቲ ስፋት፣ 4 ሴንቲ ውፍረት። እግሮቹን በሁለት ሳንቃ ላይ አድርጌ ቀስ ብዬ አራራቅኳቸው። እያንዳንዱን እግር ግማሽ ሴንቲ ሳወጣ ጫፉ ግማሽ ሴንቲ ያህል ወረደ። ከጫፉ ሥር ስንጥቅ ተከፈተ።

ከዚያ ሥዕሉ ተገጣጠመ። የምሥራቁ ቅስት ከየት ወደ የት ነው የሚዘረጋው? ከሰሜን ምሥራቅ ምሶሶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ምሶሶ። አንዱ ወደ ሰሜን፣ ሌላው ወደ ደቡብ ሲዘም የሚራራቁት የምሥራቁ ቅስት እግሮች ናቸው። የምዕራቡም እንደዚያው። የሰሜንና የደቡብ ቅስቶች ግን የሚዘረጉት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስለሆነ እግሮቻቸውን ግማሽ ጉልላቶቹ ከሁለት በኩል ይይዟቸዋል። ጉዳቱ በአንድ አቅጣጫ ይደርሳል፣ ውድቀቱ በሌላው ይታያል። ስለዚህ የወደቀውን ቅስት እዚያው መጠገን ብቻ አይበቃም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሲናን ሕንጻውን ሲያጠናክር ከውጭ ደጋፊ ግንቦችን መጨመሩ ከዚህ ጋር ይሄዳል።

ቀለበት

የመጨረሻው አማራጭ ግፊቱን ምሶሶው ጋር ሳይደርስ ዙሪያውን ማሰር ነው። የሣር ቤት ጣሪያ ይሄን ያውቀዋል፤ ወራጆቹ ወደ ውጭ ሲገፉ በዙሪያቸው የተጠመጠመው ማገር ይይዛቸዋል። ፍሎረንስ ላይ ብሩኔሌስኪ በግንቡ ውስጥ የአሸዋ ድንጋይ ቀለበቶችን፣ አንድ ደግሞ ከቼስትነት ዛፍ እንጨት የተገጣጠመ ቀለበት ቀበረ። ድንጋዮቹ ግን እርስ በርስ የተያዙት በብረት መቆንጠጫ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ያለ ብረት ነው ማለት አይቻልም።

በ7 ሴንቲው ምሶሶ፣ አሸዋውን አውርጄ፣ በታችኛው ረድፍ የቃጫ ገመድ አሰርኩ። የቃጫው ጥንካሬ ከሚያስፈልገው 460 ግራም በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በእጅ ብቻ አጥብቄ ድጋፉን ሳወጣ ግን ምሶሶዎቹ ትንሽ ዘመሙ፣ ብሎኮቹ ተከፈቱ፣ ከዚያ ነው ገመዱ የያዘው። ገመድ እስኪወጠር ድረስ ኃይል አይሸከምም፤ እስኪወጠር ደግሞ ጉልላቱ ይሰነጠቃል። በገመዱና በብሎኮቹ መካከል ቀጫጭን ሽብልቅ እየመታሁ አስቀድሜ ስወጥረው ምንም አልተንቀሳቀሰም።

ጠዋት ሳየው ሽብልቆቹ ላልተው ነበር። ቃጫ በጭነት ሥር ሲያድር ይለጠጣል። እንደገና መታኋቸው፣ በማግስቱ ያነሰ ላላ። ቅዱስ ጴጥሮስ ላይ በ1740ዎቹ ጉልላቱ ተሰነጣጥቆ ሲገኝ፣ አርክቴክቱ ቫንቪቴሊ ተጨማሪ የብረት ቀለበቶች አስገባ፤ ከሥራው በፊት ከነበሩት ቀለበቶች አንዱም ተበጥሶ ተገኝቷል። በሐጊያ ሶፊያም የፎሳቲ ወንድሞች ከ1847 እስከ 1849 ባደረጉት ጥገና በጉልላቱ እግር ዙሪያ የብረት ሰንሰለት አስረዋል። ቀለበት እንግዲህ በየጊዜው የሚታይ ነገር ነው፤ ምሶሶና ክብደት ግን አይላሉም፣ አይዝጉም።

ቀጣዩ የታችኛውን ረድፍ በመስኮት መፍሰስ ነው። ፎርማው ተቆርጧል፤ ጀሶ አልቋል። በጎድኖች ብቻ የቆመው ጉልላት ሲባጎው ላይ ስንት ግራም እንደሚያሳይ ከዚያ እጽፋለሁ።